በመካከለኛ ውጤት፦ ፖሊ ቴክኒክ ወይስ ዩኒቨርሲቲ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶ ካልሞላ፣ የሬሜዲያል ዕድል ካልተገኘ በቀር በዚያ ውጤት ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ምርጫው የሚከብደው 50ን በጥቂቱ ለዘለለ ልጅ ነው።

ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ የሚኖር አንድ ልጅ እናስብ። ውጤቱ 53 ከመቶ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ይወዳል።

ዩኒቨርሲቲ ከመረጠ፣ የሚማረውን ሙያ ገና አልመረጠም። ምደባውን የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ቢሞላም ሌላ ከተማ ሊደርሰው ይችላል። ከዚያ ፍሬሽማን ይማራል፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በዚያ ውጤት ነው። ተፈላጊዎቹ ዲፓርትመንቶች ጥሩ ጂፒኤ ባላቸው ይሞላሉ። ልጃችን ፍሬሽማን ላይ ካልበረታ፣ መጨረሻ አካባቢ የሞላው ሊደርሰው ይችላል። ወጪ መጋራት ስላለ ዶርምና ምግብ አሁን አያስጨንቀውም፤ ሥራ ሲይዝ ግን ከደመወዙ ይቆረጣል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ እዚያ ላይ 50 ከመቶ ካላመጣ፣ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን አያገኝም።

ፖሊ ቴክኒክ ሲገባ ግን ሙያውን ይዞ ነው የሚመዘገበው። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ከቤቱ እየተመላለሰ መማር ይችላል። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሥልጠናው በከፊል ድርጅት ውስጥ ነው፤ የትብብር ሥልጠና ይሉታል። ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሥር የተመደበ ሠልጣኝ ዝርጋታ፣ ቆጣሪና ብልሽት ፍለጋ ይለምዳል። ሌላው ዕቃ ሲያቀብል ከርሞ ይመለሳል። ልዩነቱ ሲኦሲ በሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ላይ ይታያል፤ ምዘናው ተግባርም ስላለው፣ እጁ ያልለመደ ልጅ ይወድቃል። ያለ ሲኦሲ ደግሞ የኮሌጁ ወረቀት ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

የሙያው ጣሪያ ግን አለ። ዲግሪ የሚጠይቁ የመንግሥት መደቦች ላይ በፖሊ ቴክኒኩ ሌቭል 4 መወዳደር አይቻልም። ማስተርስም ዲግሪ ይፈልጋል። ጠበቃ ወይም የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆን የሚፈልግ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ፤ አቋራጭ የለውም።

ለአዘዞው ልጅ ግን እኔ ፖሊ ቴክኒክን እመርጣለሁ። የሚወደውን ያውቃል፤ በዩኒቨርሲቲው በኩል ግን ያንኑ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። ገና ምን እንደሚወድ ያላወቀ ልጅ ቢሆን ኖሮ ፍሬሽማን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋልና ምክሬ ይለወጥ ነበር።

ከመመዝገቡ በፊት ግን በሥራ ቀን ወርክሾፑን ሄዶ ይይ። ማሽኖቹ ይሠራሉ ወይስ አቧራ ለብሰዋል? አንዱን መለማመጃ ስንት ሠልጣኝ ይጋራዋል? በሚፈልገው ሙያ እስከ ሌቭል 4 ይሰጣል ወይስ ሌቭል 2 ላይ ይቆማል? ባለፈው ዓመት ሲኦሲ ከወሰዱት ስንቱ ብቁ ተባለ? መልሱን ከመዝጋቢው ብቻ አይስማ፤ ግቢው ውስጥ ካሉት ሠልጣኞችም ይጠይቅ።