የመዘግየት ዳሽቦርድ ልታሠሩ ያሰባችሁ የዕቃ ማድረሻ ድርጅቶች፣ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት መኪና ያላት አነስተኛ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት አለችን። ከወንድሜ ጋር ነው የምንሠራው። ባለፈው ዓመት አንድ ሶፍትዌር ሠሪ መጣና የትኛው መስመር፣ የትኛው ሹፌር ምን ያህል እንደሚዘገይ በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳይ ዳሽቦርድ እንሥራላችሁ አለን። ዋጋው 180,000 ብር፣ ግማሹ ቅድመ ክፍያ። ተስማማንና ከፈልን። በአራተኛው ወር ተውነው። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ጎበዝ ሹፌር ያለ ጥፋቱ ቀጥተናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ከመፈራረማችን በፊት ያሳዩን ዳሽቦርድ በጣም ያምር ነበር። ውስጡ ያለው መረጃ ግን የኛ አልነበረም፣ ለማሳያ ተብሎ የተሞላ ነው። እኛም የራሳችንን የዕቃ ማስረከቢያ ወረቀት ይዘን ሄደን "በዚህ አሳዩን" አላልንም። ስህተቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው ዕቃ ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ ደንበኛው እንደነገራት ነው የምትጽፈው። "ስምንት ሰዓት ላይ ይድረስልኝ" ካላት 8:00 ብላ ታስገባለች። ሲስተሙ ይህን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ዕቃው በተባለበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ የሹፌሩ ስልክ 14:00 ብሎ ይመዘግባል። ስድስት ሰዓቷ የመጣችው ከዚህ ነው።

ስንነግራቸው "አስተካክለነዋል" አሉን። ያደረጉት ነገር ከሁሉም መዝገብ ላይ ስድስት ሰዓት መቀነስ ነበር። ስምሪት ላይ የሚሠራው ልጅ ግን ሰዓቱን እንደ ስልኩ 14:00 ብሎ ነው የሚጽፈው። እሱ ያስገባው ትዕዛዝ 14:40 ላይ ቢደርስ 40 ደቂቃ ዘግይቷል። ስድስት ሰዓት ሲቀነስለት ግን አምስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ይሆናል። እንዲህ ያለው መዝገብ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ሲካፈል አማካዩ አማረ። እኛም ደስ አለን!

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መዝገቡን በመዘግየት ልክ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩትና ሁለቱን ጫፎች እዩ። ስድስት ሰዓት አካባቢ የተከማቸ ነገር ካለ የሰዓት አቆጣጠር ችግር ነው። ሦስት ሰዓት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ የኢትዮጵያን ሰዓት ሳይሆን ከኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ያለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ UTCን፣ እየቆጠረ ይሆናል። መፍትሔው ከተመዘገበ በኋላ መቀነስ አይደለም። ሰዓቱ ሲገባ "ከቀኑ 8 ሰዓት" ተብሎ ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ነው።

የሹፌሩ ጉዳይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳሽቦርዱ ሹፌሮችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረድራል። አንጋፋው ሹፌራችን በተከታታይ ሁለት ወር መጨረሻ ወጣ። ቦነሱን ቀነስንበት። ቢሮ መጥቶ "እኔ እኮ ቃሊቲ ነው የምውለው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም ዳሽቦርዱ ላይ ስሙ ያለበትን ቀይ ረድፍ አሳየሁት። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ነው፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ዳሽቦርዱን ካቆምን በኋላ ወረቀቶቹን አውጥተን በእጅ ቆጠርን። ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየውን "የዘገየ" አልነው። እሱ በወሩ 100 ዕቃ አድርሷል፤ 80ው በቃሊቲ፣ 20ው በቦሌ መስመር። በቃሊቲ 24 ዘገየበት፣ በቦሌ አንድ። በድምሩ 25 ከመቶ። አንደኛ የወጣው ወጣት ሹፌርም 100 አድርሷል፤ ግን 20ው በቃሊቲ፣ 80ው በቦሌ ነው። በቃሊቲ ስምንት፣ በቦሌም ስምንት ዘገየበት። በድምሩ 16 ከመቶ።

በድምሩ ካያችሁት ወጣቱ ይበልጣል። በየመስመሩ እዩት እስቲ። በቃሊቲ አንጋፋው 30 ከመቶ ሲዘገይ ወጣቱ 40 ከመቶ ዘግይቷል። በቦሌ አንጋፋው 5፣ ወጣቱ 10 ከመቶ። በሁለቱም መስመር የሚሻለው አንጋፋው ነው። መጨረሻ ያስወጣው አስቸጋሪውን መስመር በብዛት መሥራቱ ብቻ ነው። እኛው ነን ደግሞ እዚያ የመደብነው፣ መንገዱን ስለሚችለው።

ስለዚህ "በሹፌር" የሚል አንድ ሰንጠረዥ፣ "በመስመር" የሚል ሌላ ሰንጠረዥ ለየብቻ ከሰጧችሁ አትቀበሉ። ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ መገናኘት አለባቸው፤ መስመሩ ወደ ታች፣ ሹፌሩ ወደ ጎን። በየሳጥኑ ውስጥም ከመቶኛው አጠገብ የዕቃው ብዛት ይጻፍ። አንድ ሹፌር በአንድ መስመር አራት ጊዜ ብቻ ሄዶ "50 ከመቶ ዘገየ" ቢባል ሁለት ዕቃ ማለት ነው። በዚያ ሰው አይቀጣም።

ሌላም ነገር አገኘን። ሹፌሩ ዕቃውን አስረክቦ "ደርሷል" የሚለውን ሲነካ ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ መልእክቱን ይዞ ይቆያል። ሲስተሙ የሚመዘግበው ግን የተነካበትን ሰዓት ሳይሆን መልእክቱ የገባበትን ሰዓት ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ባለ መጋዘን ያስረከበ ሹፌር በዚህ ሁሌ ይጎዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የተለያየ ሰፈር ያሉ ሦስት ደንበኞች በአንድ ሹፌር፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ "ደርሷል" ተብለው ይታያሉ። ስትፈትኑት የስልኩን ዳታ አጥፉ፣ "ደርሷል" በሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ዳታውን ክፈቱ። የተመዘገበው የትኛው ሰዓት እንደሆነ ወዲያው ታያላችሁ።

ዋናውን መዝገብ ስጡን ስንል የላኩልን የዳሽቦርዱን ፎቶ ነው። መረጃው በነሱ አካውንት ላይ ነበር። ውላችን ውስጥ መዝገቡ የማን እንደሆነ አልተጻፈም። እናንተ መዝገቡ በየሳምንቱ በኤክሴል ፋይል እንዲሰጣችሁ፣ በየመስመሩ ቁጥሩ ከወረቀታችሁ ጋር እስኪገጥምም ቀሪው ክፍያ እንዳይለቀቅ አስጽፉ። የሁለት ሳምንት ማስረከቢያ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ከዚያ ውስጥ ሃያውን በእጅ አስሉ። ዳሽቦርዱ ተመሳሳይ ቁጥር ካላወጣ ገና አልተሠራም።

አሁን የምንጠቀመው ጎግል ሺት ነው። B መስመር፣ C ሹፌር፣ D ዕቃው ይድረስ የተባለበት ቀንና ሰዓት፣ E የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ F መዘግየት በደቂቃ። የሹፌሩ ስም H2 ላይ ነው፤ I2 ላይ በቃሊቲ መስመር ካደረሰው ዕቃ ውስጥ የዘገየው ድርሻ ይወጣል። ያልደረሰ ዕቃ እዚህ ገጽ ላይ አናስገባም።

```
F2:  =ROUND((E2-D2)*1440,2)
I2:  =COUNTIFS(B:B,"ቃሊቲ",C:C,H2,F:F,">15")/COUNTIFS(B:B,"ቃሊቲ",C:C,H2)
```

1440 በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው፤ ሺቱ ጊዜን በቀን ስለሚቆጥር ነው የምናባዛው። ስድስት መኪና ላለው ድርጅት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቀለም የለውም፣ ግን ከወረቀታችን ጋር ይገጥማል።

ለአንጋፋው ሹፌራችን የቀነስንበትን የሁለት ወር ቦነስ መልሰንለታል፤ ቢሮ ጠርቼም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የቃሊቲን መስመር ከዚያ ወዲህ እሱና ወጣቱ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይሠሩበታል።