የክሊኒክ ፈረቃ ሰንጠረዥ፦ በስም ይደርደር ወይስ በፈረቃ?

የፈረቃ ሰንጠረዥ ልትገዙም ሆነ ራሳችሁ ልትሠሩ ከሆነ፣ ቀድማችሁ አንድ ነገር ወስኑ። በግራ በኩል ወደ ታች የሚደረደረው የሠራተኛ ስም ነው ወይስ ፈረቃው?

አምስት ነርሶች ያሉት ክሊኒክ እንውሰድ። ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት አንድ፣ አዳር አንድ ነርስ ያስፈልገዋል።

ስም በግራ ከሆነ ለሠራተኛው ይመቻል። የራሱን መስመር ተከትሎ ሳምንቱን ያነባል። ከአዳር በወጣበት ጠዋት እንደገና የተመደበ ሰው ካለም ቶሎ ይታያል። ችግሩ ባዶው ሳጥን ነው። ዕረፍት ነው? ፈቃድ ነው? ወይስ ተረስቶ? ረቡዕ አዳር ሰው እንደሌለ ለማወቅ የረቡዕን ዓምድ ከላይ እስከ ታች መቁጠር ግድ ነው። በጥድፊያ ደግሞ ማንም አይቆጥርም።

ፈረቃ በግራ ሲሆን ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ስም ነው፤ ባዶ ሳጥን ክፍተት ማለት ነው፣ አለቀ። ግን ለጠዋት ሁለት መስመር ስጡት፦ «ጠዋት ነርስ 1» እና «ጠዋት ነርስ 2»። ሁለት ስም በአንድ ሳጥን ከታጨቀ፣ አንዷ ስትቀር ሳጥኑ የሞላ ይመስላል። የዚህኛው ድክመት የአንድ ሰው ጫና በየመስመሩ መበታተኑ ነው።

ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በኤክሴል ከሆነ ግን ስም በግራ ይሁንና ከታች የቆጠራ መስመር ይጨመርበት። ስም በA፣ ሙያ በB፣ ሰኞ በC ከሆነ፣ የአዳር ነርስ መቁጠሪያው ይህ ነው፦

```
=COUNTIFS($B$2:$B$9,"ነርስ",C$2:C$9,"አ")-1
```

«አ» አዳር ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው 1 የሚፈለገው የሰው ብዛት ነው። ውጤቱ 0 ከሆነ ተሟልቷል፣ -1 ከሆነ ሰው ጎድሏል። ከዜሮ በታች የሆነው እንዲቀላ አድርጉ፤ ቁጥሩን ግን አትደብቁት፣ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀዩ አይለይም። ሙያውን ያስገባሁትም በምክንያት ነው። ሁለት ሰው ያደረበት ሌሊት ነርስ አልባ ሊሆን ይችላል።

ነርስ ተመድቦ ሳለ -1 ካያችሁ፣ አንዱ «አ» ብሎ ባዶ ቦታ ጨምሯል ወይም «አዳር» ብሎ ጽፏል። ኮዱ ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ብታደርጉ ይህ ይቀራል። ለዕረፍትና ለፈቃድም የየራሳቸው ኮድ ይኑራቸው።

አንዳንዱን ክፍተት ግን የትኛውም ሰንጠረዥ አይደፍነውም። በቀን 4 የነርስ ፈረቃ በሳምንት 28 ነው። አምስት ነርሶች አምስት አምስት ፈረቃ ቢሠሩ 25 ይሆናል። ሦስቱ ሳጥኖች ሰው ካልተጨመረ ወይም ትርፍ ሰዓት ካልተሠራ ባዶ ናቸው።

የሚከፈልበት ሶፍትዌር ዋጋ የሚያወጣው ሠራተኞች በስልካቸው ፈረቃ የሚቀያየሩ ከሆነ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በሙከራው ጊዜ የአንድ ሌሊት ነርስ ሆን ብላችሁ አውጡ። ክፍተቱን ለማየት ሌላ ገጽ መክፈት ካስፈለጋችሁ ይቅርባችሁ።