ለፎቶ «ጥርስ ማንጣት» ተጨማሪ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በቅርቡ ሰርግ ወይም ምርቃት ያለባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለፎቶ ኤዲት አትክፈሉ። እኛ ከፍለን አዝነናል።

ባለፈው ጥር እህቴን ዳርን። ከፎቶ ቤቱ ጋር የተዋዋልኩት እኔ ነኝ። የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ባለሙያው ሲያነሳ ጎበዝ ነው፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ዋጋ ጨርሰን ልንነሳ ስንል ግን «ለአልበሙ ፎቶዎች ጥርስ እናነጣለን፤ በፎቶ 100 ብር ነው» አለን። አልበሙ 40 ፎቶ ነበረው። ሙሽራ ናት፣ ትመርበት ብለን 4,000 ብር ጨመርን። ናሙና አሳዩን አላልንም። ውጤቱን ያየነው አልበሙ ታትሞ፣ ተጠርዞ እጃችን ከገባ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ሐይቅ ላይ የተነሳው ፎቶ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ያነሱት። ውሃው ወርቅ መስሏል። ፊቷ ላይ ያ የምሽት ፀሐይ አርፏል። ነጩ ቀሚሷ እንኳን ቅቤ ቅቤ የሚል ቀለም ይዟል። እህቴ ከልቧ ስቃለች። ጥርሷ ግን አመድ ነው። እናቴ አልበሙን ገልጣ ዝም አለች፤ ከዚያ «ምነው ልጄ፣ ጥርሷ ሞተ?» አለች። እውነትም ነርቩ የሞተ ጥርስ ነው የሚመስለው፤ እንደዚያ ያለ ጥርስ ይጠቁራል፣ ግራጫ ይሆናል።

ምን እንዳደረጉት የገባኝ ኮምቦልቻ ፎቶ ኤዲት የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ሲያስረዳኝ ነው። ዋናውን ፎቶ በኮምፒውተር ከፍቶ የአንዱን የፊት ጥርስ ቀለም አነበበልኝ። እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከ0 እስከ 255 በሚደርስ ቁጥር ይለካል። የእህቴ ጥርስ 205፣ 184፣ 148 ነበር። ሰማያዊው ስላነሰ ቢጫ ያደላል ማለት ነው። ይህ ግን ከጥርሷ የመጣ አይደለም። ፀሐይዋ ናት ያመጣችው፤ ቀሚሱም በዚያው ብርሃን ያንኑ ቀለም ይዟል።

ፎቶ ቤቱ ያደረገው ቀላል ነው። Photoshop ውስጥ Hue/Saturation የሚባል መሣሪያ አለ። Saturation የሚለውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ -100 ጎተቱት። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ወጣ። 205፣ 184፣ 148 የነበረው ሦስቱም ቁጥሮች 176 አካባቢ እኩል ሆኑ። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ የሚገኘው ግራጫ ነው። ቢጫው መውጣቱን አይተው «ነጣ» አሉ እንጂ ብርሃኑ አልጨመረም። ዓይናችን ደግሞ ቀለምን ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ነው የሚፈርደው። በወርቃማ ፊት መሐል የተቀመጠ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥርሷ የሞተ የመሰለው በዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያንኑ ፎቶ እኔ እያየሁ ሠራው። መጀመሪያ ጥርሱን ብቻ የሚሸፍን ማስክ በጠርዙ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ቀባ። ከንፈርና ድድ እንዳይነካ ፎቶውን አቅርቦ፣ ቀስ እያለ። ከዚያ Saturation ወደ -40 ብቻ አወረደ፤ ብርሃኑን የሚጨምረውን Lightness ደግሞ +15 አደረገ። ያው ጥርስ 203፣ 192፣ 173 ገደማ ሆነ። ልብ በሉ፣ ቀዩ ቁጥር አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። በብዛት ያደገው ሰማያዊው ነው። ትንሽ ቢጫ ሆን ብሎ ተወለት፤ ፀሐይዋ እዚያ ስላለች። ጥርሱ አሁንም የዚያ ምሽት ጥርስ ነው፣ ግን ንጹሕ። አብሮኝ ያየ ሰው «ምኑ ተነካ?» ቢል አልፈርድበትም፤ ጥሩ ሥራ እንደዚያ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለዚያ ፎቶ ብቻ ናቸው፤ ቀን ጥላ ውስጥ ለተነሳ ፎቶ ከዚህም ያነሰ ይበቃል።

ፎቶ ቤቱ ግን 40ውንም ፎቶ በደፈናው ነው የሠራው። በፎቶ 100 ብር ሲያስከፍለን እያንዳንዱን አይቶ የሚሠራ መስሎን ነበር።

ማታ አዳራሽ ውስጥ በፍላሽ የተነሱት ደግሞ በሌላ በኩል ተበላሹ። ፍላሽ ጥርስ ላይ ያንጸባርቃል፤ ጥርስ እርጥብ ነውና። ስለዚህ እነዚያ ፎቶዎች ላይ ጥርሱ ከመጀመሪያውም ወደ ነጭ ተጠግቶ ነበር። በዚያ ላይ ብርሃን ሲጨምሩበት ቁጥሮቹ 255 ጣሪያው ጋ ደረሱና ቆሙ። ከዚያ በላይ መሄጃ የለም። ነጭ የነበረውም፣ ነጭ ሊሆን የተቃረበውም አንድ ሆነ። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ቀጭን መስመር ጠፋ። ሙሽራው ከንፈሩ መሐል ነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት መስሏል። ወረቀት ላይ ሲታተም ይብሳል። 255 የሆነ ቦታ ላይ አታሚው ቀለም አያሳርፍም፤ የምታዩት ባዶውን ወረቀት ነው። ስልክ ላይ ደምቆ ደስ ያለው ፎቶ አልበም ላይ ቀዳዳ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ስህተትም አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስንስቅ የፊት ጥርሶች ብርሃን ያገኛሉ። ከክራንቻ ወደ ኋላ ያሉት ግን በጉንጭ ጥላ ውስጥ ናቸው። አፍ ክብ ስለሆነ እንደዚያ መሆን አለበት። ሁሉንም እኩል ሲያነጡት ክብነቱ ይጠፋል፣ አፉ በወረቀት ላይ የተሳለ ይመስላል። ጥሩ ባለሙያ ወደ ኋላ ሲሄድ ማስኩን ያሳሳዋል፤ መንጋጋዎቹን በጥላቸው ይተዋቸዋል።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የአያቴ ፎቶ ነው። አያቴ በልጅነቷ ድዷን የተነቀሰች ናት። እዚህ ወሎ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ያ ጥቁር ሰማያዊ ድድ ጥርስን አጉልቶ ነጭ የሚያሳይ ጌጥ ነው። እሷ ጥርሷን የሚያነጣላት ሰው አያስፈልጋትም ነበር፤ ንቅሳቱ ሠርቶላታል። ፎቶ ቤቱ ግን ብሩሹን ሰፊ አድርጎ በጥርሷም በድዷም ላይ አሳለፈ። ንቅሳቷ ደብዝዞ፣ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ፎቶውን አይታ «ይኼ የማን አፍ ነው?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ይህ መጠንቀቂያ ያለው ነገር ነበር። Hue/Saturation ውስጥ ሁሉንም ቀለም በአንድ ላይ ከመንካት ይልቅ Yellows የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ያኔ መሣሪያው ቢጫውን ብቻ ይነካል። ብሩሹ በስህተት ድድ ላይ ቢያርፍ እንኳን የንቅሳቱ ጥቁር ሰማያዊ እንዳለ ይቀራል። እናት ወይም አያት ድዷን የተነቀሰች ካለቻችሁ፣ ለባለሙያው በአፍ ንገሩት፤ «ድዷ እንዳይነካ» በሉት። ከተማ ያደገ ልጅ ጥላ ወይም ጉድለት መስሎት ሊያጠፋው ይችላል።

አልበሙን ይዤ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለስኩ። ባለቤቱ ትሑት ሰው ነው፤ «አብሽሪ እህቴ፣ ነጭ ነው ያላችሁት፣ ነጭ አደረግን» አለኝ። ደረሰኙን አሳየኝ። ከታች በትንሽ ጽሑፍ «ከታተመ በኋላ ቅሬታ አንቀበልም» ይላል። ፈርሜበታለሁ። 4,000 ብሩ አልተመለሰም። ከብዙ ንግግር በኋላ ያገኘሁት ያልተነኩትን ዋና ፎቶዎች በፍላሽ ዲስክ ነው፤ እሱም እግዜር ይስጠው፣ አልደበቀም። ኤዲት ከተደረጉት ላይ ማስተካከል አይቻልም ነበር። ግራጫ የሆነ ጥርስ ላይ ቀለም መልሶ ቢቀቡ የተቀባ ይመስላል፤ 255 የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ የሚመለስ መስመር የለም፣ ጠፍቷል።

ስለዚህ ስትዋዋሉ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ያልተነኩ ፎቶዎችን በፍላሽ ዲስክ እንደምትወስዱ ከመጀመሪያው አጽፉ። ሁለተኛ፣ ከመታተሙ በፊት ሦስት ፎቶ ተሠርቶ በስልክ ይላክልን በሉ፤ አንድ በቀን ውጭ የተነሳ፣ አንድ ወደ ማታ፣ አንድ በፍላሽ። ሦስቱም ላይ ጥርሱ ያው አንድ ነጭ ከሆነ በደፈናው ተሠርቷል፤ አትቀበሉ።

የተላከላችሁን ስታዩ የስልኩን ብርሃን ወደ ግማሽ ቀንሱ። ሙሉ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ከዚያ ስልኩን እጃችሁን ዘርግታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት። ፎቶውን ስታዩ መጀመሪያ የሚስባችሁ ጥርሱ ከሆነ በዝቷል፤ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ዓይን ላይ ነው። ቀጥሎ አቅርባችሁ የጥርሱን ነጭ ከዚያው ሰው የዓይን ነጭ ጋር አስተያዩ። ጥርሱ ከዓይኑ ነጭ በልጦ ካበራ ነገሩ ተበላሽቷል። ነጭ ቀሚስ ወይም ነጠላ ካለ እሱንም እዩ፤ ቀሚሱ ቅቤ መስሎ ጥርሱ በረዶ ከሆነ፣ ወይም ቀሚሱ ሞቅ ብሎ ጥርሱ አመድ ከሆነ፣ «መልሱት» በሉ። በመጨረሻ በጥርሶቹ መካከል ያሉት መስመሮች መኖራቸውን ቁጠሩ።

ስትመልሱት ደግሞ «አልወደድነውም» አትበሉ፤ ባለሙያው ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። ግራጫ ከሆነ «ትንሽ ቢጫ መልስበት» በሉት። የሚያበራ ከሆነ «ግማሹን ቀንሰው» በሉት። ከዋናው ፎቶ በላይ በተደረበ ሌየር ከሠራው Opacity የሚባለውን ከ100 ወደ 50 ማውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሌየሩን አጥፍቶ JPEG ብቻ ካስቀረ ግን ከዋናው ፎቶ እንደገና መጀመር አለበት፤ ያን ጊዜ ነው «አይቻልም» የሚላችሁ። ይቻላል፤ ዋናው ፎቶ እስካለ ድረስ።

እኛ ከ40ው 11ዱን መርጠን እንደገና አሠራን። የአክስቴ ልጅ ገንዘብ አልወሰደም፤ ለማሳተሚያ ብቻ ከፈልን። የአያቴን ፎቶ ትልቅ አድርገን በፍሬም አሰቀልንላት፣ ጥርሷ ጨርሶ ሳይነካ፣ ንቅሳቷ እንዳለ። ሐይቅ ላይ የተነሳውን አዲሱን ፎቶ ግን እህቴ አልበሙ ውስጥ አላስገባችውም፤ ገጹ በሙጫ ስለተጠረዘ አይወጣም። ያ የአመድ ጥርስ ፎቶ አሁንም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።