የግማሽ ከረጢት ሚክሰሬ ከወራት ሥራ በኋላ፦ ለአንድ ወለል ስንት ዙር ይፈጃል?

ይህን ሚክሰር የገዛሁት ለትንንሽ ሥራ ነው፤ ለሰርቪስ ቤት ወለል፣ ለግቢ ንጣፍ፣ ለመኪና ማቆሚያ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። በአንድ ዙር ግማሽ ከረጢት፣ ማለትም 25 ኪሎ ሲሚንቶ ያቦካል። አሁን ወራት አብረን ሠርተናል። ባለቤቶች ሲያዩት ሁሌም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ይቺ ለኔ ወለል ስንት ዙር ትፈጃለች?" መልሱ ስንት ሲሚንቶ እንደሚገዛና ስንት ሰው እንደሚቀጠር ስለሚወስን በደንብ ልናገረው።

በርሜሉ ላይ 180 ሊትር የሚል ጽሑፍ አለ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 180 ሊትር የባዶው በርሜል ይዘት እንጂ የሚወጣው ኮንክሪት አይደለም። በርሜሉ ዘንበል ብሎ ነው የሚሽከረከረው፤ ከሞላ ይደፋል፣ ውስጡም አይላወስም። ደግሞ አሸዋው በጠጠሩ ክፍተት፣ ሲሚንቶው በአሸዋው ክፍተት ስለሚገባ ደረቁ ነገር ሲቦካ ያንሳል።

እኔ የምሠራው በ1 ለ 2 ለ 3 ነው። ለዚህ ውስጡ 35 በ25 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን አሠርቻለሁ። 17.5 ሊትር ይይዛል፤ የግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ ነው። በአንድ ዙር ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል። ሲሚንቶውን ግን በሳጥን አልሰፍርም። ከከረጢቱ ሲፈስ አየር ስለሚገባበት ይነፋል፤ ሳጥኑ ሙሉ መስሎ ከ25 ኪሎ በታች ይይዛል። ከረጢቱን አስተኝቼ መሐሉን በአካፋ ጠርዝ እቆርጠዋለሁ። ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ። ውሃው በባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሁለት ተኩል ያህል ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ በሁለት ጀምሬ እያየሁ እጨምራለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው 70 ሊትር አካባቢ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አንዱን ዙር በዚያው ሳጥን ይስፈረው፤ አራት ጊዜ ይሞላል። እንግዲህ የሚካፈለው በ0.07 ሜትር ኩብ ነው፤ በ0.18 አይደለም።

አንድ ሥራ ላይ እናስላው። 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የሰርቪስ ክፍል ወለል ነው፤ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ ድርድር ድንጋይ አለው። 6 በ4 በ0.10 ሲባዛ 2.4 ሜትር ኩብ ይመጣል። ድርድሩ ጎርባጣ ስለሆነ፣ የሚፈስም ስላለ 10 በመቶ ጨምሩበት፤ 2.64 ይሆናል። ለ0.07 ስናካፍለው 38 ዙር ነው። 38 ግማሽ ከረጢት ማለት 19 ከረጢት፣ ወይም 9 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ነው። በ180 ሊትር ያሰላ ሰው ግን 15 ዙር ይበቃኛል ብሎ 8 ከረጢት ይገዛል። ከዚያ ወለሉ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ሲሚንቶ ያልቃል፤ ሠራተኛው ቁጭ ይላል፣ የፈሰሰው ይደርቃል።

ከስሌቱ ይልቅ ዙር የሚበላው ውፍረቱ ነው። በዚህ ወለል ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትጨምር 0.24 ሜትር ኩብ ነው፤ ሦስት ዙር ተኩል ገደማ። ወደ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ መሬት ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከሙሌት በፊት በጎን ጣውላዎቹ መካከል ሲባጎ እወጥርና ከሲባጎው እስከ ድርድሩ በየቦታው በሜትር እለካለሁ። አማካዩ 12 ከመጣ ባለቤቱ በርካሽ ጥቃቅን ድንጋይ ጉድጓዱን ያስሞላ፤ ወይም ዙሩን በ12 ያስላ።

ሁለተኛው ሌባ እርጥብ አሸዋ ነው። ትንሽ የረጠበ አሸዋ ይነፋል፤ እስከ ሩብ ሊደርስ ይችላል። ሳጥኑ ሙሉ ነው፣ አሸዋው ግን ጎድሏል። ያኔ ከአንድ ዙር የሚወጣው ወደ 66 ሊትር ይወርዳል፤ 38 የተባለው 40 ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው። ጣሳ ሙሉ አሸዋ ሳትጠቀጥቁ ሙሉና ውሃ እስኪዋጥ አፍሱበት። ወርዶ ሲቀመጥ ከአፉ ምን ያህል እንደጎደለ አይታችሁ፣ በዚያው ልክ በሳጥኑ ላይ ጨምሩ።

በሥራ ቀን ዙር መቁጠር የግድ ነው። እኛ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጠጠር ባልዲ ውስጥ እንጥላለን። ጣውላው ላይ በ3 ሜትር፣ ማለትም በወለሉ እኩሌታ፣ በጠመኔ ምልክት አለ። ኮንክሪቱ እዚያ ሲደርስ ባልዲው ውስጥ 19 ጠጠር መኖር አለበት። 22 ካለ ወይ ውፍረቱ በዝቷል ወይ ሳጥኑ በሙሉ እየተሰፈረ አይደለም። ገና እኩሌታው ላይ ስለሆነ ሲሚንቶ ለማስመጣት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ዙር ለብቻው ነው። ባዶው በርሜል ሲሚንቶና አሸዋውን ግድግዳው ላይ ይለጥፍና ጠጠር የበዛበት ኮንክሪት ይተፋል። ስለዚህ በዚያ ዙር አንድ ሳጥን ጠጠር እቀንሳለሁ።

ከወራት በኋላ ስለ ማሽኑ ራሱ ልንገራችሁ። ሁለት ነገር ዙሩን ይነካል። አንደኛው ቺንጋው ነው፤ ሲላላ በርሜሉ ሲጫንበት ይዘገያል። ያኔ ሠራተኛው ይቅለለው ብሎ ውሃ ያበዛል፤ ኮንክሪቱ ይቀጥናል፣ ጥንካሬው ይወድቃል። አዲስ ሳለ ብዙም አላስቸገረኝም፤ አሁን ግን ከሙሌት በፊት ሁሌ እወጥረዋለሁ። ሁለተኛው ከመቀላቀያ ክንፎቹ ጀርባ የሚደርቀው ነው። ከተከማቸ ቦታ ይይዛል፣ ክንፉም ማንሳት ያቅተዋል። ሥራ ሲያልቅ ጠጠርና ውሃ ጨምሬ ጥቂት ደቂቃ አሽከረክራለሁ። በመዶሻ መምታት በርሜሉን ያጎብጠዋል፤ አታስመቱት።

መብራት ሲጠፋ ይከብዳል። ሙሉ ዙር ውስጡ ካለ ሞተሩ መብራት ሲመለስ አይነሳም። ሳይዘገይ በርሜሉን ደፍቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በአካፋ ማገላበጡ የማይቀር ነው።

ፍጥነቱ፣ ሰው ከተሟላ፣ በአንድ ዙር አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ሁሉም ከገባ በኋላ ሁለት ደቂቃው መላወሻ ነው፤ እሱን አትቀንሱ። 38ቱ ዙር ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ከምሳ በፊት ያልቃል።

ለፎቅ ሶሌታ ግን አልመክረውም። 60 ካሬ ሜትር፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 9 ሜትር ኩብ ነው፤ ቢሙን ሳይጨምር 129 ዙር ገደማ። ያለ ዕረፍት ወደ 11 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ መሐል ቀድሞ የፈሰሰው ይጠነክርና አዲሱ ሳይያያዘው ይቀራል፤ ስንጥቁም ውሃ ማስገቢያውም እዚያ ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ትልቅ ሚክሰር ተከራዩ። እስከ 3 ሜትር ኩብ ላለ የመሬት ወለል ግን ይቺ ማሽን ትበቃለች፤ እኔም በዚያ ልክ ነው ሥራ የምቀበልላት።