የገበሬዎች ማኅበር የጤፍ ሽያጭ ማስታወቂያ ሲወጣ፦ ማኛው፣ ሰርገኛውና የነጋዴው ጤፍ በንጽጽር

አዲሱ የጤፍ ምርት ተወቅቶ መጋዘን በሚገባበት ወቅት፣ በተለይም በጥርና በየካቲት፣ እንደ ምንጃር፣ አድአ፣ በቾና ምሥራቅ ጎጃም ባሉ ጤፍ አብቃይ አካባቢዎች የሚገኙ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለከተማ ሸማቾች የሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ አጭር ሲሆን የጤፉን ዓይነት፣ የአንድ ኩንታል ዋጋን፣ መረከቢያ ቦታንና ሽያጩ የሚያበቃበትን ቀን ይገልጻል። ያነበበው ሰው በቅድሚያ ዋጋውን ያይና በሠፈሩ ወፍጮ ቤት ወይም በእህል በረንዳ ከሰማው ዋጋ ጋር ያስተያያል። ይሁን እንጂ አንደኛው ዋጋ መጋዘን በር ላይ የሚከፈል ሲሆን ሌላው ማጓጓዣንና የነጋዴን ትርፍ አጠቃልሎ ከቤት አጠገብ የሚከፈል ነው። በዚያ ላይ ከሁለቱ ጆንያዎች ተነፍቶና ተበጥሮ የሚገኘው ንጹሕ ጤፍ እኩል አይደለም። ስለዚህ ገዢው ማነጻጸር ያለበት የኩንታሉን ዋጋ ሳይሆን አንድ ኪሎ ንጹሕ ጤፍ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ የሚያስወጣውን ገንዘብ ነው።

ማኛና ሰርገኛ

በማስታወቂያዎች ላይ በብዛት የሚቀርቡት ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ ናቸው። ማኛ እጅግ ነጭና ፍሬው ወጥ በመሆኑ በዋጋም ከሁሉ ይቀድማል፤ ተራው ነጭ ይከተለዋል። ሰርገኛ ነጭና ቀይ ፍሬ የተቀላቀለበት ሲሆን ከነጩ ረከስ ይላል። ቀዩ በብዙ ገበያዎች የመጨረሻውን ዋጋ ይይዛል። ሻጭ ሁሉ ነጩን ጤፉን «ማኛ» ብሎ መጥራት ስለሚወድ በስሙ ብቻ መተማመን አይገባም። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. የወጣውና ከማኛ ዘር ጋር ተዳቅሎ የተገኘው ቁንጮ የተባለው ዝርያ ምርታማ በመሆኑ በብዙ አካባቢ ተስፋፍቷል፤ በማስታወቂያ ላይ «ነጭ ጤፍ» ተብሎ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቁንጮ መልካም ጤፍ ነው፤ ነገር ግን ማኛ ተብሎ በማኛ ዋጋ ከተሸጠ ገዢው ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። ለመለየት አንድ እፍኝ ጤፍ በነጭ ወረቀት ላይ በስሱ ዘርግቶ በቀን ብርሃን ማየት በቂ ነው። ቀያይ ፍሬዎች እዚህም እዚያም ከታዩ ጤፉ ነጭ ሊባል ይችላል እንጂ ማኛ አይደለም።

ምርጫው በአገልግሎቱ መወሰን ይኖርበታል። እንጀራ ለሽያጭ የሚጋግር ሰው ደንበኛው በዓይኑ ስለሚገዛው ነጩን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ለቤተሰብ የዕለት ምግብ ግን ሰርገኛ በእኔ ግምት የተሻለ ግዢ ነው፤ ጣዕሙ ጠንከር ያለ ነው፤ በዋጋም ጋብ ስለሚል በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙ ኪሎ ይገኝበታል። ስለ ቀይና ሰርገኛ ጤፍ የብረት ማዕድን ብዙ ይነገራል፤ ይሁን እንጂ በአውድማ ላይ በተወቃ ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት የተወሰነው ክፍል ከፍሬው ሳይሆን ከአፈሩ የመጣ መሆኑን ጥናቶች ስላሳዩ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ቀዩን መምረጥ አስፈላጊ አይመስለኝም።

አውድማ፣ ሸራና መውቂያ ማሽን

ከቀለሙ ሌላ የዋጋን ልዩነት የሚያስከትለው፣ በማስታወቂያ ላይ ግን እምብዛም የማይጻፈው፣ ጤፉ የተወቃበት መንገድ ነው። በልማዱ መሬቱ ተጠርጎ በእበት ይለቀለቅና በሬዎች ጤፉን እየዞሩ ይረግጡታል፤ ከዚያም በመንሽና በላይዳ እብቁ ለነፋስ ይሰጣል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አብሮት የተነሣው አፈርና አሸዋ በነፋስም በወንፊትም ሙሉ በሙሉ አይለይም። ጤፉ ሸራ ተዘርግቶለት ወይም በመውቂያ ማሽን ከተወቃ ግን አሸዋው በእጅጉ ይቀንሳል። ማኅበራት ከብዙ አባላት የሰበሰቡትን ምርት በአንድ መጋዘን ስለሚያከማቹ ግን፣ ከአንድ ማኅበር የመጣ ጤፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ አንደኛው ጆንያ በሸራ ላይ የተወቃ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ከተራ አውድማ የተጠረገ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት ናሙና ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ብቻ መውሰድ አያጠግብም። ከተለያዩ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመካከልም ከሥርም መውሰድ ያስፈልጋል። የአሸዋውን መጠን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጤፍ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሮ በማንኪያ ማማሰልና፣ ጤፉ በውሃው ውስጥ እየተሽከረከረ ሳለ ውሃውን ከነጤፉ ቀስ እያሉ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ነው። አሸዋው ከጤፉ ስለሚከብድ ከብርጭቆው ሥር ይቀራል። ጥቂት ደቃቅ ነገር ቢታይ አያስደነግጥም፤ የብርጭቆውን ሥር የሚሸፍን ከሆነ ግን ጤፉ እንጀራው ውስጥ በጥርስ መካከል እየተንኮሻኮሸ ያስቸግራል። በናሙናው ውስጥ እንክርዳድ ካለም ማስተዋል ይገባል፤ በብዛት ተፈጭቶ ከተበላ ራስ ያዞራል።

የእርጥበቱም ነገር የሚዘነጋ አይደለም። በቅጡ የደረቀ ጤፍ በእጅ ጨብጠው ሲለቁት በጣቶች መካከል ይፈስሳል፤ በጥርስ ሲነከስም ይሰበራል። በእጅ ሲጨበጥ የሚጣበቅ ወይም ሽታው የሻገተ ከሆነ ገዢው ለውሃ እየከፈለ ነው፤ ቤት ገብቶ ከከረመም ይበላሻል። ደረቅ ጤፍ ግን እንደ ስንዴና በቆሎ በነቀዝ የሚጠቃ ስላልሆነ ዓመት ያህል ሊቀመጥ ይችላል። የማኅበሩ ማስታወቂያ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከምርቱ በኋላ ባሉት ወራት ረገብ ብሎ በክረምት ስለሚጨምር፣ ገንዘብና ማስቀመጫ ያለው ሰው የክረምቱን ፍጆታ አሁን መግዛት ይችላል።

በስሌት ሲታይ

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ እንጂ የወቅቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢው በራሱ ከተማ በሚሰማው ዋጋ ይተካቸው።

አንድ ማኅበር ነጭ ጤፍ በሸራ ተወቅቶ የቀረበ መሆኑን ጠቅሶ በመጋዘኑ በር በኩንታል 11,500 ብር ይሸጣል እንበል። አምስት ጎረቤቶች በአንድ መኪና አስጭነው ቢያመጡ ለአንድ ኩንታል ማጓጓዣ 250 ብር፣ ለጫኝና አውራጅ ደግሞ 60 ብር ይደርሳል፤ ድምሩ 11,810 ብር ነው። ጤፉ ከተነፋና ከተበጠረ በኋላ 98 ኪሎ ተኩል ከቀረ፣ አንዱ ኪሎ 119 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ ወጥቶበታል ማለት ነው። በሌላ በኩል ነጋዴው ተመሳሳይ ነጭ ጤፍ ቤት ድረስ አምጥቶ በ11,700 ብር ቢሰጥና ሲነፋ 95 ኪሎ ብቻ ቢቀር፣ ኪሎው 123 ብር ከ16 ሳንቲም ይሆናል። የኩንታሉን ዋጋ ብቻ ያየ ሰው ቤት ድረስ ሲታሰብ ነጋዴው በ110 ብር ረከሰ ብሎ ወስኖ ነበር፤ ንጹሕ ጤፉ ሲመዘን ግን ማኅበሩ በኪሎ ከሦስት ብር በላይ ያተርፍለታል።

ሌላው ገዢ ግን ብቻውን አንድ ኩንታል ለማምጣት ለመኪና 700 ብር ቢያወጣ፣ ከጫኝና አውራጁ ጋር 12,260 ብር ይከፍላል፤ ኪሎውም 124 ብር ከ47 ሳንቲም ይደርስበታል። ለዚህ ሰው ነጋዴው ይሻለዋል። እንግዲህ የማኅበር ጤፍ ርካሽ የሚሆነው ማጓጓዣው ሲከፋፈል ነው፤ በሠፈር፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሸማቾች ማኅበር ተሰባስቦ የሚገዛ ሰው ከዚህ ይጠቀማል፤ ቦታው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ብቸኛ ገዢም ሊያዋጣው ይችላል። የጆንያውም ክብደት ይጠየቅ፤ መቶ ኪሎው ከነጆንያው ከሆነ ልዩነቱ በላስቲክ ጆንያ ቀላል፣ በቃጫ ጆንያ ግን ኪሎ ያህል ነው።

የቀረውን ልዩነት ገዢው ራሱ ሊለካ ይችላል። ከሁለቱም ሻጮች አንድ አንድ ኪሎ ገዝቶ በቤቱ ወንፊት ነፍቶ፣ በሰፌድ አበጥሮ የቀረውን ቢመዝን፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እውነተኛ ቁጥር ያገኛል። እነዚህኑ ሁለት ኪሎዎች በዚያው ወፍጮ አስፈጭቶ በአንድ ዓይነት እርሾ ቢጋግራቸው ደግሞ የውሃ አያያዛቸውንና የሚወጣውን እንጀራ ብዛት ያነጻጽራል።

ከመክፈል በፊት

ማኅበርና ነጋዴ የሚለያዩበት ሌላው ነገር እህሉ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። ነጋዴው ያለውን ያሳያል። ማኅበሩ ግን በመከር ወቅት ጥሬ ገንዘብ ሊያጥረው ስለሚችል አባላቱ ምርታቸውን ለፈጣን ከፋይ ሊሸጡበት ይችላሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ ማስታወቂያ ከአባላት ይሰበሰባል ተብሎ የታሰበውን እህል ቀድሞ ያውጃል። ገዢው «እህሉ መጋዘን ገብቷል ወይስ ገና ይሰበሰባል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ገብቷል ከተባለ ናሙና ማየት፣ ገና ነው ከተባለ ደግሞ ከቀብድ በላይ አለመክፈልና ርክክቡ የሚፈጸምበትን ቀን በጽሑፍ መቀበል ተገቢ ነው።

ገንዘቡም በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ መግባት ይኖርበታል። በሊቀመንበሩ ወይም በሻጩ የግል ሒሳብ እንዲከፈል የሚጠይቅ ማስታወቂያ ዋጋው የቱንም ያህል ቢስብ መተው ይሻላል። በማኅበሩ ማኅተም የተረጋገጠ ደረሰኝ ላይ የጤፉ ዓይነት፣ የምርት ዘመኑ፣ የተጣራ ክብደቱና የተወቃበት መንገድ እንዲሰፍር መጠየቅ ይገባል፤ የተረከበው ጤፍ ከናሙናው ጋር ካልተመሳሰለ ገዢው ይዞ የሚቀርበው ይህንኑ ደረሰኝና ከናሙናው ላይ አሽጎ ያስቀረውን አንድ ኪሎ ነው።