አውትቦክስ ላይ ለቆመ ኢሜይል «ስቶሬጅ» እንዳትገዙ

ወገኖች፣ ኢሜይላችሁ አልላክ ሲል «ስቶሬጁ ሞልቷል፣ ቦታ ልጨምርላችሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቶሎ ኪሳችሁ አትግቡ።

የአክስቴ ልጅ የጨረታ ሰነድ ስካን አድርጎ በላፕቶፑ የኢሜይል አፕ ከጂሜይል አድራሻው ይልካል። መልእክቱ አውትቦክስ ውስጥ ቀረ፤ ከኋላው የላካቸውም አብረው ተሰለፉ። ላፕቶፑን ወደ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ወሰደው። የሱቁ ልጅ ፓስወርዱን ተቀብሎ ጉግል ዋን በሚባለው፣ ተጨማሪ ቦታ በክፍያ በሚሰጠው በራሱ አገልግሎት ውስጥ የቤተሰብ አባል አድርጎ አስገባውና ሒሳቡን ተቀበለ። የሱቁ ልጅ መክፈል ያቆመ ቀን ቦታውም ይሄዳል። መልእክቱ ግን ያኔም አልሄደም።

«ስቶሬጁ ሞልቷል» የሚለው ነገር ሐሰት መሆኑን ማወቅ ቀላል ነበር። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሞላ መላክ ብቻ አይደለም፣ መቀበልም ይቆማል። ለእሱ ግን አዳዲስ ኢሜይል እየገባለት ነበር። እናንተም ከሌላ አድራሻ ለራሳችሁ አጭር መልእክት ላኩ። ከደረሰ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

እውነተኛው ምክንያት የፋይሉ ክብደት ነው። ጂሜይል የሚያስተላልፈው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። የእሱ ፒዲኤፍ 21 ነበር፤ ታዲያ ምን አገደው? ኢሜይል ፋይልን ወደ ጽሑፍ ፊደላት ቀይሮ ነው የሚልከው። በዚህ ጊዜ ፋይሉ በሲሶ ያህል ያብጣል። 21ዱ 28 ሆነና ሰርቨሩ መለሰው። አፑ ደግሞ ግትር ነው፣ ያንኑ ደጋግሞ ይሞክራል። ከ18 ሜጋባይት በታች ከሆነ ይሄዳል።

መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ፤ እየተላከ ያለ መልእክት አልሰረዝ ሊል ይችላል። ከዚያ ከአውትቦክስ ሰርዙት። ሰነዱን በጥቁርና ነጭ፣ በ200 ዲፒአይ እንደገና ስካን አድርጉ። የእኛ ሰው ይህን ሲያደርግ ፋይሉ ወደ 4 ሜጋባይት ወረደ።

ግን አሁንም አልሄደለትም! አጭር ሰላምታ እንኳ አልላክ አለ። የሱቁ ልጅ «ሲያስተካክል» የመላኪያውን ሰርቨር አበላሽቶት ኖሯል። ፖርቱን 25 አድርጎ ሴኩሪቲውን አጥፍቶታል። መቀበያውና መላኪያው የተለያዩ ሰርቨሮች ስለሆኑ መግባቱ አልተቋረጠም። ለጂሜይል ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
smtp.gmail.com
Port: 587
Security: STARTTLS
Authentication: OAuth2
```

የመጨረሻውን መስመር ስትመርጡ የጉግል መግቢያ ገጽ ይከፈትላችኋል፤ ፓስወርዱን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ፓስወርዳችሁን ለሌላ ሰው መስጠት አያስፈልግም። ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ ከዚያም ከማታውቁት ሰው የቤተሰብ ቡድን ውጡ።