ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚለጠፍ መብራት፦ ከሰባት ወር በኋላ

ዕቃው በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ 5 ቮልት ነጭ የኤልኢዲ ስትሪፕ ነው፤ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ገመዱ ላይ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ዲመር አለው። የተለጠፈው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ጀርባ ነው። ከሰባት ወር የማታ አገልግሎት በኋላ ፍርዴ ይኸው፦ የዓይን ድካሙን ቀንሷል፣ ግን የሚቀንሰው ብርሃኑ ደካማና ትክክለኛ ነጭ ሲሆን ብቻ ነው።

መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ሲበራ ዓይን ከጨለማው ግድግዳና ከደማቁ ስክሪን ጋር በአንድ ጊዜ መላመድ ያቅተዋል። ጨለማ ትዕይንት ላይ የሰፋው የዓይን ብሌን ቀኑን የሚያሳይ ትዕይንት ሲመጣ ወዲያው ይጠባል። ከጀርባ ያለው ለስላሳ ብርሃን ይህን ልዩነት ያጠብባል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ዙሪያው ትንሽ ሲበራ የስክሪኑ ጥቁር ይበልጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቴሌቪዥኑ የተለወጠ ነገር የለም፣ የተለወጠው የዓይን ግምት ነው።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው የነጭ ብርሃኑ ቀለም 6500 ኬልቪን መሆኑ ነው፤ የቴሌቪዥን ነጭ የሚለካው በዚሁ ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ ቀለሞችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ሲአርአይ 90 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ። ባለ ብዙ ቀለሙ፣ ሪሞት ያለው ስትሪፕ ዋጋው ይስባል፤ ግን ነጩን የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀላቅሎ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ያጋድላል። ለጭፈራ ካልሆነ አልመክረውም።

ለ55 ኢንች የሚያስፈልገው እንዲህ ይሰላል። የቴሌቪዥኑ ስፋት ወደ 122፣ ቁመቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ስትሪፑ ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሲለጠፍ አራቱም ጎን 3 ሜትር ተኩል ገደማ ይፈጃል። የተረፈው የሚቆረጠው የመቀስ ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለቆመ ቴሌቪዥን የታችኛው ጎን ይቅር፤ ጠረጴዛው ላይ አንጸባርቆ ዓይን ይወጋል።

ማዕዘኑ ላይ ስትሪፑን እንደ ወረቀት ማጠፍ መዳቡን ይሰብረዋል፤ ከታጠፈበት በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ወይም ቴሌቪዥኑ ሲነካ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰፋ ያለ ቀለበት አድርጎ ማዞር ይሻላል። ማጣበቂያውም መጀመሪያ የሚለቀው እዚሁ ነው፤ እዚህ በሦስተኛው ወር ላይኛው ቀኝ ማዕዘን ተንጠልጥሎ ተገኘ። መነሻው ሙቀትና አቧራ ነው። ጀርባውን በአልኮል ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ማዕዘኖቹን በፕላስቲክ መያዣ ማሰር አስተማማኝ ነው።

ኃይሉን በተመለከተ፦ የብዙ ቴሌቪዥኖች ዩኤስቢ የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው። ስትሪፑ ላይ ከዚያ በላይ ከተጻፈ ብርሃኑ ይርገበገባል፣ ወይም ቴሌቪዥኑ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። መፍትሔው ባለ 2 አምፔር የስልክ ቻርጀር ነው። ያኔ ግን መብራቱ ከቴሌቪዥኑ ጋር አይጠፋም፤ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ያስፈልጋል። የስትሪፑ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ ደብዝዞ ከታየ ቮልቴጁ መንገድ ላይ እየወረደ ነው፤ ብርሃኑን መቀነስ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ድምቀቱ ላይ ነው። ግድግዳው የስክሪኑን ነጭ አንድ አሥረኛ ያህል ቢበራ በቂ ነው። ነጭ ምስል ላይ ቆም አድርገው ይዩት፤ ግድግዳው ከስክሪኑ በጣም ፈዝዞ መታየት አለበት። ከዚያ ጥቁር ትዕይንት ይክፈቱ፤ ዓይን ወደ ግድግዳው ከተሳበ በዝቷል። ዲመሩ ዝቅ ሲል ደግሞ እርሳስ መብራቱ ፊት ወዲያ ወዲህ ያወዛውዙ። እርሳሱ ተከታታይ ጥላ ሳይሆን የተነጣጠሉ ብዙ እርሳሶች መስሎ ከታየ ዲመሩ ብርሃኑን እያበራና እያጠፋ ነው የሚቀንሰው። እንዲህ ያለውን ብልጭታ የማይችል ሰው ራስ ምታት ሊይዘው ስለሚችል ዕቃውን ለሻጩ ይመልሰው።

ግድግዳው ራሱ የመብራቱ ክፍል ነው። ክሬም ቀለም 6500ውን ወደ ቢጫ ይጎትተዋል፤ ዓይን ቢጫውን ሲለምድ ስክሪኑ ሰማያዊ ይመስላል። የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ላይ ደግሞ የአምፑሎቹ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይታያል። ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለቱንም ይፈታል። ቴሌቪዥኑ ለግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከቀረበ ግን ቀለም መቀየር አይበቃም፤ ብርሃኑ ጠባብ ክር ሆኖ ስለሚቀር መስቀያውን ማራቅ ያስፈልጋል።

የማይፈውሰውም አለ። ዓይን የሚደርቀው ትክ ብሎ ማየት ማርገብገብን ስለሚቀንስ ነው፤ ለዚህ ስትሪፕ አይረዳም። የምስል ሁነታው “ቪቪድ” ላይ ከሆነም መጀመሪያ ወደ “ሲኒማ” ቀይሮ የጀርባ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ግዢ ይቀድማል፣ ያውም በነጻ።